የየትኛው ቀን ዶላር? የምንዛሪ ተመን ምርጫና የቀረጥ ዕዳ

ከአትላስ ሆቴል አካባቢ ተነሥቶ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በሕንፃዎቹ ላይኛ ፎቆች፣ አነስተኛ የአስመጪና የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮዎች አሉ። በነዚህ ቢሮዎች የሚሠሩ ሰዎች ስለ ቀረጥ ሲነጋገሩ በመጀመሪያ የሚጠያየቁት ስለ ታሪፍ መጽሐፉ አይደለም። የታሪፍ ቁጥሩና የቀረጥ ምጣኔው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ይታወቃል። የሚጠያየቁት «ጉምሩክ ዛሬ በስንት እየመነዘረ ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ተራ ቢመስልም አንድ ዕቃ ምን ያህል ቀረጥ እንደሚከፈልበት የሚወስነው ከታሪፍ መጽሐፉ እኩል እርሱ ነው። በጥናት ጽሑፎቻችን ውስጥ ግን ቦታ ተሰጥቶት አይታይም። ይህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተደረገው የምንዛሪ ለውጥ ጋር አያይዞ ያያል፤ የጸሐፊውንም አቋም ያቀርባል።

በመጀመሪያ ሂሳቡ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ዕቃ የጉምሩክ ዋጋ መሠረቱ ለሻጩ የተከፈለው ወይም የሚከፈለው የግብይት ዋጋ ሲሆን፣ በዚያ ላይ እስከ መግቢያ በር ድረስ ያለው የማጓጓዣና የመድን ወጪ ይጨመራል። ደረሰኙ በዶላር፣ በዩዋን ወይም በዩሮ ይጻፋል፤ ቀረጡ ግን በብር ይከፈላል። ስለዚህ በመካከል አንድ ማባዣ ቁጥር ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር በጉምሩክ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ለየገንዘቡ ዓይነት በሠንጠረዥ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ተመን ከስንት ቀን ጀምሮ እንደሚጸና አብሮ ይመዘገባል። ዲክላራሲዮኑ ሲመዘገብ ሥርዓቱ በዚያ ቀን ጸንቶ ያለውን ተመን ራሱ ያነሣል። ተመኑን የሚመርጠው መርማሪው ወይም አስተላላፊው አይደለም፤ የምዝገባው ቀን ነው። ይህ ከመደራደርና ከአድልዎ የሚጠብቅ ጥሩ ጎን አለው። በዚያው ልክ ደግሞ የአንዲት ቀን መዘግየት የሚያስከትለውን ልዩነት ማንም ሊያርመው አይችልም ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አትላስ አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ አስመጪ ለካፌዎች የሚሆኑ የቡና ማሽኖች ከውጭ አዘዘ እንበል። የዕቃውና የማጓጓዣው ዋጋ በድምሩ 40,000 ዶላር ነው። የቀረጥ ምጣኔው 20 በመቶ፣ ኤክሳይዝ ታክስ የሌለበት እንደሆነ እንቁጠር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ባንኩ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከፈተለት፤ ዕቃው በሰኔ ተጫነ፤ በሐምሌ አጋማሽ ጅቡቲ ደርሶ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተጓዘ። አስመጪው ዲክላራሲዮኑን ዓርብ ሐምሌ 19 ቢያስመዘግብ ኖሮ ይፋዊው የዶላር ተመን ከ58 ብር ብዙም ስለማይርቅ፣ ለሂሳቡ ቅለት 58 ብርን ብንወስድ፣ የጉምሩክ ዋጋው 2,320,000 ብር ይሆናል። ቀረጡ የዚህ 20 በመቶ፣ ማለትም 464,000 ብር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ሆኖ የሚሰላው በጉምሩክ ዋጋውና በቀረጡ ድምር ላይ ነውና 417,600 ብር ይደርሳል። ሱር ታክሱ 10 በመቶ ሲሆን ከዚህ በፊት በተጠቀሱት በሁሉም ድምር ላይ ይሰላል፤ 320,160 ብር። በቅድሚያ የሚከፈለው የገቢ ግብር የጉምሩክ ዋጋው 3 በመቶ፣ 69,600 ብር ነው። በድምሩ 1,271,360 ብር ይወጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተጨመረውንና ከጉምሩክ ዋጋው 3 በመቶ የሚሆነውን ሌላ ክፍያ ሂሳቡ እንዳይበዛ ትቼዋለሁ፤ ቢጨመርም የክርክሩን መንገድ አይለውጥም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ታክሶቹ አንዱ በሌላው ላይ የሚደራረቡ ቢሆኑም ሁሉም በመቶኛ የሚሰሉ ናቸው። ስለዚህ ድምራቸው ምንጊዜም የጉምሩክ ዋጋው 54.8 በመቶ ነው። ብዙ ሰው ታክሱ ስለሚደራረብ የዶላር ጭማሪም በዚያው ልክ እየተደራረበ የሚያድግ ይመስለዋል፤ ይህ ስሕተት ነው። ዶላር በ10 በመቶ ቢወደድ ጠቅላላው ዕዳ በትክክል በ10 በመቶ ይጨምራል፤ ከዚያ አይበልጥም፤ አያንስምም። ከዚህ ሥርዓት የሚወጡት በብር ተቆርጠው የተወሰኑ ክፍያዎችና በብር የተከፈሉ ወጪዎች ብቻ ናቸው። ለምሳሌ አስመጪው መድኑን ከአገር ውስጥ ኩባንያ በብር ከገዛ ያ የዋጋ ክፍል ምንዛሪ አያስፈልገውም፤ የዶላር ተመን ቢለወጥም ባለበት ይቆያል።

አሁን የአስመጪው ሰነድ በአንድ ጉድለት ምክንያት ዘገየና ምዝገባው ወደ ሰኞ ሐምሌ 22 ተሻገረ እንበል። በዚያ ቀን ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ማድረጉን አስታወቀ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዕለቱ ዶላርን በ74.7364 ብር ሊገዛና በ76.2311 ብር ሊሸጥ ተመን አወጣ። የመሸጫው ተመን ለቀረጥ ስሌት ቢወሰድ የአስመጪው ዕዳ ወደ 1,670,986 ብር ይወጣል። በሁለት ቀን ዕረፍት መካከል ወደ 400,000 ብር የሚጠጋ ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ነሐሴ 1 ላይ ብንደርስ፣ በዚያ ቀን ብሔራዊ ባንክ ባካሄደው ልዩ ጨረታ አማካይ ተመኑ 107.9 ብር ነበር። በዚህ ተመን ቢሰላ ዕዳው 2,365,168 ብር ነው፤ ከመጀመሪያው ዓርብ ጋር ሲነጻጸር 86 በመቶ ጭማሪ። ማሽኖቹ አልተለወጡም፤ የታሪፍ ምጣኔውም ያው 20 በመቶ ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ተደባልቀዋል፤ ለይቶ ማየት ይገባል። አንደኛው የየትኛው ቀን ተመን ነው? ሁለተኛው የየትኛው ገበያ፣ የመግዣው ወይስ የመሸጫው ተመን ነው?

ሁለተኛውን በአጭሩ ላንሣ። የዓለም ንግድ ድርጅት የጉምሩክ ዋጋ ስምምነት አንቀጽ 9 ለአባል አገሮች የሚያዘው፣ ተመኑ በአስመጪው አገር ሥልጣን ባለው አካል የታተመና በንግድ ግብይት ውስጥ ገንዘቡ ያለውን ወቅታዊ ዋጋ በተቻለ መጠን የሚያሳይ እንዲሆን ነው። ኢትዮጵያ ለአባልነት ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን ስምምነቱ የምንመራበት መለኪያ መሆኑ አይቀርም። በዚህ መለኪያ አስመጪ ዶላር የሚገዛው በባንኩ መሸጫ ተመን ነውና የመሸጫው ተመን ትክክለኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ልዩነቱ ትንሽ አይምሰለን፤ በሐምሌ 22ቱ ተመን በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው ልዩነት 1.4947 ብር ነው። በአስመጪያችን 40,000 ዶላር ላይ ይህ ልዩነት ከ32,000 ብር በላይ ዕዳ ይለውጣል። ባንኮች በየፊናቸው ተመን በሚያወጡበት በአሁኑ ሥርዓት ደግሞ ከአንድ ባንክ ይልቅ የብዙዎቹን ግብይት የሚያንጸባርቅ አማካይ መውሰድ ይሻላል። አንድ አስመጪ ከየትኛው ባንክ እንደገዛ እየታየ ቀረጥ ይሰላ ማለት ግን የማይቻል ነው፤ አንድ ዓይነት ዕቃ በሁለት ባንኮች ምክንያት በሁለት ዋጋ ሊተመን አይገባውም።

ከባዱ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። የአንቀጽ 9 ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ ዕቃው ከላኪው አገር የወጣበትን ጊዜ ወይም ወደ አስመጪው አገር የገባበትን ጊዜ አገሮቹ ራሳቸው እንዲመርጡ ይፈቅዳል። አሜሪካ የመጀመሪያውን መርጣለች፤ ተመኑ የሚወሰደው ዕቃው በተላከበት ቀን ነው። በዚያም ላይ የሩብ ዓመቱን ተመን ለሦስቱም ወር ትጠቀምና የዕለቱ ተመን ከዚያ በ5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሲርቅ ብቻ ወደ ዕለቱ ተመን ትሸጋገራለች። የአውሮፓ ኅብረት በወር በወር የሚታደስ ተመን ይዟል። ለተረጋጋ ገንዘብ የትኛውም ቢመረጥ ለውጡ ከመቶ አንድና ሁለት አይበልጥም። ገንዘቡ በአንድ ቀን በሩብ፣ በአንድ ወር በእጥፍ ሊጠጋ ሲወርድ ግን ምርጫው ራሱ ቀረጥ ይሆናል።

የናይጄሪያ ታሪክ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። ናይራ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ የጉምሩክ ተመኑ በየጊዜው እየተለዋወጠ አስመጪዎች ዕቃቸው በወደብ ቆሞ ሳለ ዕዳቸው ሲያድግ አዩ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የካቲት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ባወጣው ሰርኩላር፣ ለቀረጥ ስሌት የሚወሰደው ተመን አስመጪው የማስመጫ ቅጹን፣ እነርሱ ፎርም ኤም የሚሉትን፣ በከፈተበት ቀን የነበረው የመዝጊያ ተመን እንዲሆን አዘዘ፤ ያ ተመን ዕቃው እስኪወጣ ድረስ ይጸናል። በእኛ አነጋገር የባንክ ፈቃድ የተገኘበት ቀን ማለት ነው። የነጋዴውን ኅብረተሰብ ጥያቄ የሰማ መልስ ነው፤ በአዲስ አበባም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ከአስመጪዎች ሲነገር የሰማሁት ይህንኑ የመሰለ ሐሳብ ነበር፤ «ዶላሩን በ58 ገዝቼ እንዴት በ107 ቀረጥ እከፍላለሁ?»

ጥያቄው ልብ ይነካል። ነገር ግን እንደ ሕግ መርህ ሊያዝ የሚገባው አይመስለኝም፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

የቡና ማሽኑን አስመጪ እንደገና እንመልከት። ዶላሩን በ58 ብር ካገኘና ባንኩ ለላኪው ከሐምሌ 22 በፊት ከከፈለ፣ ማሽኖቹ በእጁ ያስቆሙት 2,320,000 ብር ነው። በነሐሴ ወር ግን ተመሳሳይ ማሽን እንደ አዲስ ለማስመጣት 4,316,000 ብር ያስፈልጋል። ሱቁ ውስጥ የሚለጥፈው ዋጋ በአሮጌው ወጪ ሳይሆን በመተኪያ ወጪው ነው፤ ነጋዴ በአሮጌው ዋጋ ሽጦ በአዲሱ ሊተካ አይችልምና ይህ ነውር አይደለም። እንግዲህ የዋጋው ልዩነት አስቀድሞ ለአስመጪው ደርሶታል። ቀረጡም በአሮጌው ተመን ቢሰላለት ያንኑ ጥቅም ሁለተኛ ጊዜ ያገኛል፤ ከመንግሥት ገቢ ላይ ደግሞ ከ1,000,000 ብር በላይ በዚህ በአንድ ጭነት ብቻ ይቀነሳል።

ሌላ አስመጪ ደግሞ እንውሰድ፤ ይህ በአቅራቢ ዱቤ ነው ያዘዘው። ፈቃዱን በግንቦት አገኘ፤ ክፍያው ግን ከስድስት ወር በኋላ ነው። እርሱ ዶላሩን የሚገዛው በኅዳር ባለው ተመን ነው። የፈቃድ ቀን ተመን ለዚህ ሰው እውነተኛ ወጪውን አያሳይም፤ ከእውነቱ ግማሽ ያህል ያሳያል። ሁለቱ አስመጪዎች አንድ ቀን ፈቃድ ስላገኙ ብቻ አንድ ተመን ይሰጣቸዋል፤ ትክክለኛ ሁኔታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የፈቃድ ቀን ለፍትሕ ሲባል የሚጠቀስ ቢሆንም የሚያስተካክለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እርሱም ቀድሞውኑ የተጠቀመው ነው።

ሦስተኛ ችግር አለ። የፈቃድ ቀን ተመን እንደሚጸና አስቀድሞ ከታወቀ የባንክ ፈቃድ ራሱ ዋጋ ያለው ወረቀት ይሆናል። የብር መውረድ ሲጠበቅ ብዙ ሰው ሳያስፈልገው ፈቃድ ለማግኘት ይሰለፋል፤ ፈቃዱን ለማራዘም፣ መጠኑን ለማሻሻል፣ በአሮጌ ፈቃድ ስም አዲስ ዕቃ ለማስገባት የሚደረገው ጥረት ይበዛል። የጉምሩክ መርማሪው ሥራም ከዕቃውና ከዋጋው ላይ ተነሥቶ የባንክ ማኅተም ቀን ወደ መመርመር ይዞራል። የምዝገባ ቀን ተመንም የራሱ ጥድፊያ እንዳለው አልክድም፤ ለውጥ ሲወራ አስተላላፊዎች ዲክላራሲዮን ለማስመዝገብ ይሽቀዳደማሉ፤ ዕቃው ሳይደርስ በቅድሚያ ማስመዝገብ በሚፈቀድበት ሁኔታ ደግሞ ሽቅድድሙ ይብሳል። ግን ይህ ጥድፊያ የቀናት ነው፤ የፈቃዱ የወራት ነው።

እስካሁን የተናገርሁት በባንክ ዶላር ስለገዙት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የነበረው የሁለት ገበያ ዘመን የሚያነሣው ጥያቄ ግን ከዚህ ይጠልቃል፤ በግሌ ለጥናት ይበልጥ የሚገባው እርሱ ይመስለኛል። በዚያን ጊዜ ይፋዊው ተመን ከ58 ብር ሳይርቅ ትይዩ ገበያው እጥፍ ገደማ ደርሶ ነበር። ደረሰኙን በሙሉ በባንክ የከፈለ አስመጪ አለ፤ ከፊሉን ወይም ሁሉንም በሌላ መንገድ በተገኘ ዶላር የሸፈነም አለ። ሁለተኛው ዶላሩን በ115 ብር ገዛ ብለን እናስላ። ጉምሩክ የሚመነዝረው ግን በ58 ነው። ለእርሱ የ54.8 በመቶው ድምር ከእውነተኛ የብር ወጪው ጋር ሲነጻጸር 27.6 በመቶ ብቻ ነበር፤ በመጽሐፉ 20 በመቶ የሆነው ቀረጥም በተግባር 10 በመቶ ገደማ። የታሪፍ መጽሐፉን ማንም ሳይነካው የአገሪቱ ታሪፍ በግማሽ ተቀንሶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ዓይነቱ አስመጪ ብቻ።

ከተመኑ መገጣጠም በኋላ ታዲያ ምን ሆነ? በባንክ ዶላር ይሠራ ለነበረው ምጣኔው ከ54.8 ወደ 54.8 ነው፤ ወጪውም ቀረጡም አብረው ከፍ አሉ። በትይዩ ገበያ ይሠራ ለነበረው ከ27.6 ወደ 54.8 ተመለሰ፤ የዶላር ወጪው ብዙም ሳይለወጥ ቀረጡ እጥፍ ሆነበት። «ቀረጥ ጨመረ» የሚለው እሮሮ ከሁለቱም ወገን ተሰምቷል፤ በእውነት የጨመረው ግን በሁለተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው የገጠመው የጥሬ ገንዘብ እጥረት ነው። እነዚህን ሁለት ችግሮች አንድ አድርጎ የሚያይ ፖሊሲ የተሳሳተ መድኃኒት ያዝዛል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ያልተባለለት አንድ ነገር ልጨምር። በሁለት ገበያ ዘመን ዶላር በባንክ ማግኘት ብርቅ ስለነበር የደረሰኝ ዋጋን አሳንሶ ማቅረብ የተለመደ ነበር። የጉምሩክ መርማሪውም ደረሰኙን ካላመነ ተመሳሳይ ዕቃዎች ቀደም ሲል በተስተናገዱበት የዋጋ መረጃ ላይ ተመሥርቶ የዶላሩን ዋጋ ከፍ ያደርጋል። ዝቅተኛው ተመንና ከፍ የተደረገው የዶላር ዋጋ በከፊል እርስ በርስ ይካካሱ ነበር። አሁን ተመኑ ወደ እውነተኛው ሲመለስ የዋጋ መረጃው ባለበት ከቀጠለ ማካካሻው ይቀርና ዕዳው ከሁለቱም ወገን ይነሣል። ለምሳሌ 40,000 ዶላር የሚያወጣ ጭነት በመረጃው መሠረት 50,000 ተብሎ ቢያዝ፣ በ58 ብር የጉምሩክ ዋጋው 2,900,000 ብር ነበር፤ በ107.9 ግን 5,395,000 ብር ይሆናል፤ ትክክለኛው 4,316,000 ሳለ። ስለዚህ ተመኑ በተለወጠ ማግሥት በመጀመሪያ መታደስ ያለበት የዋጋ መረጃው ነው። አስመጪዎች የሚያሰሙት ቅሬታ ውስጥ ትክክለኛው ክፍል ይህ ይመስለኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ግን ስለ ተመኑ ተደርጎ ነው።

ታሪፉና ተመኑ አብረው መታየት እንዳለባቸው ታሪካችንም ያሳያል። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ብር በዶላር ከ2.07 ወደ 5 ሲወርድ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ የብር ዋጋው፣ ቀረጡም አብሮት፣ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት በተደረገው የታሪፍ ማሻሻያ ከፍተኛው ምጣኔ ከ230 ወደ 80 በመቶ ዝቅ ተደረገ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ሲቀንስ ለውጡ ያነሰ ስለነበር ነጋዴው በዋጋ ጭማሪ አሳለፈው። በተመኑ ላይ የሚወሰን ሁሉ በታሪፉም ላይ የተወሰነ ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ይቻላል፤ ሳይሆን ማለፍ ግን አይቻልም።

የእኔ አቋም እንግዲህ የሚከተለው ነው። የምዝገባ ቀን ተመን ይቆይ። ነገር ግን ተመኑ በየዕለቱ ከሚለዋወጥ ይልቅ በየሳምንቱ መጨረሻ ታትሞ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚጸና ቢሆን አስመጪው ባንክ ሄዶ ገንዘቡን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ያገኛል። በሳምንቱ ውስጥ የገበያው ተመን ከታተመው በ5 በመቶ ከራቀ አዲስ ተመን ይወጣል፤ ከዚያ በታች ላለው ልዩነት መንግሥትም ነጋዴውም ይታገሡ። እንደ ሐምሌ 22 ያለ ድንገተኛ ዝላይ ሲመጣ መድኃኒቱ ተመኑን ማቆም ሳይሆን ክፍያውን ማዘግየት ነው። በምሳሌያችን ከተጨመረው 1,093,808 ብር ውስጥ ሁለት አምስተኛ የሚሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስና ቅድሚያ የተከፈለ ግብር ነው፤ የተመዘገበ ነጋዴ በኋላ ከሽያጭ ታክሱና ከዓመታዊ ግብሩ ላይ ያቀናንሰዋል። ስለዚህ ያ ክፍል ወጪ ሳይሆን የታሰረ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ በዋስትና ለሦስትና ለአራት ወር ቢራዘም መንግሥት የሚያጣው የጊዜ ዋጋ ብቻ ነው። በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ባለ መጋዘን ዕቃውን አስቀምጦ እየከፈሉ በከፊል ማውጣትም ይህንኑ ጥቅም ይሰጣል፤ ተመኑ ግን ዕቃው ከመጋዘን በሚወጣበት ቀን የሚወሰድ ከሆነ አስመጪው አዲስ አደጋ ይሸከማል፤ ይህ በግልጽ መደንገግ አለበት።

አንድ ወገን ከዚህ ክርክር ውጭ እንደሚቀር አምናለሁ። በመንግሥት ጨረታ አሸንፎ በቁርጥ ዋጋ ውል የገባ አቅራቢ ዋጋውን ከፍ አድርጎ መሸጥ አይችልም፤ የመተኪያ ወጪ ክርክሬ ለእርሱ አይሠራም። ለእርሱ ያለው ትክክለኛ መፍትሔ ግን ከጉምሩክ ሳይሆን ከግዥ ውሉ ውስጥ ነው፤ የውሉ ዋጋ ከምንዛሪ ለውጥ ጋር የሚስተካከልበት አንቀጽ ሊኖረው ይገባል። የጉምሩክ ሠንጠረዥ ከውል በፊት ያልታሰበን አደጋ እንዲሸከም መጠየቅ ከሥራው ውጭ ነው።

በመጨረሻ ለምንሠራው ጥናት አንድ የዘዴ ማስታወሻ አለኝ። የጉምሩክ የገቢ ዕቃዎች መረጃ የጉምሩክ ዋጋን በብርም በዶላርም፣ ጠቅላላ ታክሱን ደግሞ በብር ይዟል። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ጠቅላላ ታክሱን በብር ዋጋው አካፍለው «ውጤታማ የታሪፍ ምጣኔ» ያወጣሉ። ይህ ክፍልፋይ ተመን በተለወጠ ጊዜ ፈጽሞ አይነቃነቅም፤ ላይኛውም ታችኛውም በአንድ ቁጥር ተባዝተዋልና። ስለዚህ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊትና በኋላ ያለውን በዚህ መለኪያ የሚያነጻጽር ሰው ለውጥ አላገኘሁም ማለቱ የማይቀር ነው፤ ያላገኘው መለኪያው ስለማያይ ነው። የብሩን ዋጋ በዶላሩ ዋጋ ማካፈል ግን ጉምሩክ በተግባር የተጠቀመበትን ተመን ያወጣል። ያንን በየወሩ አውጥቶ በዚያው ወር ባንኮች ከሸጡበት አማካይ ተመን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። በአንድ ወር ውስጥ ለተመሳሳይ የታሪፍ ቁጥር የሚገኘው ተመን ሰፊ ልዩነት ካሳየ፣ ወይ ተመኑ በወሩ ውስጥ ተለውጧል፣ ወይ ለአንዳንዱ ጭነት በሌላ ቀን ተመን ተሰልቷል። የሐምሌና የነሐሴ 2016 ዓ.ም. ወራት ለዚህ ሙከራ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው።